ለልጅ የመጀመሪያ ስልክ፦ ጎግል የሚቆልፈውና የማይቆልፈው

ብዙ ወላጅ ፋሚሊ ሊንክን ይጭንና «በቃ፣ ስልኩ ተቆለፈ» ብሎ ለልጁ ይሰጣል። ፋሚሊ ሊንክ መጥፎ ነገር አይደለም። ከጎግል በነጻ የሚገኝ፣ የልጁን ስልክ በራሳችሁ ስልክ ሆናችሁ የምትቆጣጠሩበት መተግበሪያ ነው። ችግሩ የሚያዝዘው በጎግል ግቢ ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። እኛ አገር ከልጅ ስልክ ብር የሚወጣው በአብዛኛው በሲም ካርዱ በኩል ነው። የማይታወቅ ሰው የሚገባው ደግሞ በቴሌግራም በኩል ነው። ሁለቱ ጋ የጎግል እጅ አይደርስም።

አንድ ጎረቤቴ አዲስ ስልክ ገዛና አሮጌውን አንድሮይድ ለ11 ዓመት ሴት ልጁ ሊሰጥ ፈለገ። «የባንክ ካርድ የለኝ፣ ምን ልትገዛብኝ ትችላለች? አንተ ብቻ መጥፎ ነገር እንዳታይ አድርግልኝ» አለኝ። የዚያን ስልክ ነገር እየጠቀስኩ ልሂድ። በየቤቱ ለልጅ የሚሰጠው ስልክ ከዚያ ብዙም አይለይም።

መጀመሪያ ስልኩ ባዶ ይሁን

ስልኩ ውስጥ የአባትየው የጎግል አካውንት ነበር። ዩቲዩቡ የተከፈተው በእሱ ስም ነው። ቴሌግራሙ ውስጥ የመኪና ሽያጭ ግሩፕ አለ፣ የውርርድ ቻናል አለ፣ ሌላም ሌላም። የቴሌብር መተግበሪያውም እንዳለ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ስልክ ላይ ገደብ ማበጀት ልፋት ብቻ ነው። የአዋቂ አካውንት እዚያው እስካለ ድረስ ልጅቷ ፕሌይ ስቶር ላይ ወደ አባቷ አካውንት ቀይራ የፈለገችውን ታወርዳለች።

ስለዚህ ሁሉም ይጥፋ። ግን በቅደም ተከተል። ፎቶውንና ስልክ ቁጥሩን ወደ አዲሱ ስልክ አዛውሩ። ቀጥሎ Settings ውስጥ «Passwords & accounts» የሚለውን ክፈቱና የድሮውን የጎግል አካውንት አውጡ። «Erase all data (factory reset)» የሚለውን የምትነኩት ከዚያ በኋላ ነው። አካውንቱ ሳይወጣ ስልኩ ከተደመሰሰ፣ በተለይ በጎን ቁልፎቹ በኩል ከሆነ፣ ሲነሳ የድሮውን ባለቤት ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ስልኩን የተሰረቀ እንደሆነ ነው የሚቆጥረው። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ያገለገለ ስልክ ላይ ይሄ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ባለቤቱ ሩቅ ነው፣ የይለፍ ቃሉን ረስቶታል፣ ስልኩም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ዘመዳችሁ ከመላኩ በፊት አካውንቱን እንዲያወጣ ንገሩት።

ለልጅቷ አዲስ አካውንት ሲከፈት ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ይሄኛው የኛው አገር ወጥመድ ነው። ጎግል የልደት ቀን ሲጠይቅ የሚቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ልጅቷ የተወለደችው ኅዳር 15 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። አባትየው የልደት ካርዷን እያየ 2007 ብሎ ሊያስገባ ነበር። እንደዚያ ቢገባ ለጎግል ልጅቷ በአንድ ጊዜ ሰባት ዓመት ታድጋለች። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሰው ስለሆነች የወላጅ ቁጥጥር የሚባል ነገር አይቀርብላትም። ትክክለኛው ኖቬምበር 24 ቀን 2014 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ለተወለደ ልጅ 7 ዓመት ትደምራላችሁ፣ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ለተወለደ 8። ወሩንና ቀኑንም አብራችሁ ቀይሩ።

ምልክቱ ቀላል ነው። ዕድሜው በትክክል ከገባ፣ በአብዛኛው አገር ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ጎግል አካውንቱን ሳይከፍት በፊት የወላጅ ኢሜይል ይጠይቃል። ምንም ሳይጠይቅ ዝም ብሎ አካውንቱን ከከፈተ፣ ዓመተ ምሕረቱን መለስ ብላችሁ እዩት።

የወላጅነቱን ቦታ የግድ አብሮ የሚኖረው ሰው መያዝ የለበትም። እናት ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ሆና ፋሚሊ ሊንክን በራሷ ስልክ ላይ ከጫነች፣ አዲስ አበባ ያለችው ልጇ መተግበሪያ ለማውረድ ስትጠይቅ ጥያቄው እዚያው ይደርሳታል። ለሁለተኛ ወላጅም ይሄንኑ ሥልጣን መስጠት ይቻላል። አያት ጋ ለሚያድግ ልጅ ይሄ በጣም ይጠቅማል። አያትየው የይለፍ ቃል ምናምን እያሉ መቸገር የለባቸውም።

ጎግል በደንብ የሚሠራው

ፋሚሊ ሊንክ ውስጥ የልጁን ስም ነክታችሁ ወደ Google Play ማስተካከያ ስትገቡ ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛው የፈቃድ ጉዳይ ነው። ልጁ ምን ሲያወርድ እናንተን ይጠይቅ? «All content» የሚለውን ምረጡ። ያኔ ነጻ የሆነውም ሳይቀር ያለ እናንተ ይሁንታ አይወርድም። ብዙ ወላጅ «የሚከፈልበት ብቻ ይጠይቀኝ» ብሎ ያልፋል። ነጻ ጨዋታ ግን ብዙውን ጊዜ ነጻ የሚሆነው እስኪወርድ ድረስ ነው። መሸጡን የሚጀምረው ከወረደ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የዕድሜ ደረጃ ነው። እኛ አገር ባለው ፕሌይ ስቶር የምታዩት 3+፣ 7+፣ 12+፣ 16+፣ 18+ የሚሉትን ነው። ለ11 ዓመቷ ልጅ 7+ ላይ አደረግነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ደረጃውን ዝቅ ማድረግ አስቀድሞ የተጫነን መተግበሪያ አያጠፋም። አንዴ የፈቀዳችሁትን ልጁ አጥፍቶ እንደገና ቢያወርደው ዳግመኛ አይጠይቃችሁም። መተግበሪያው ሲታደስም አይጠይቅም። እንግዲህ የመጀመሪያዋን ፈቃድ ሳትቸኩሉ ስጡ።

ያቺን ፈቃድ ከመስጠታችሁ በፊት በራሳችሁ ስልክ ፕሌይ ስቶርን ክፈቱና የመተግበሪያውን ገጽ እዩት። ከስሙ ሥር በትንንሽ ፊደል «In-app purchases» ከተባለ ውስጡ ሱቅ አለ ማለት ነው። ወረድ ብላችሁ ስለ ዕድሜ ደረጃው በሚያብራራው ቦታ «Users Interact» ካለ ደግሞ ከማያውቁት ሰው ጋር መነጋገር ይቻላል ማለት ነው። ይሄ ሁለተኛው በጣም ያሳስታል። የዕድሜ ደረጃው የሚነግራችሁ ጨዋታው ውስጥ ያለውን ሥዕልና ግጭት እንጂ፣ በቻቱ ውስጥ ማን ምን እንደሚል አይደለም። 7+ የተባለ ጨዋታ ውስጥ የ40 ዓመት ጎልማሳ ሊያወራት ይችላል።

ለድረ ገጽ ክሮም ሦስት ምርጫ ይሰጣል። ሁሉን ፍቀድ፣ የብልግና ገጾችን ለማገድ ሞክር፣ እኔ የፈቀድኩትን ብቻ ክፈት። የመሐከለኛው ስሙ ራሱ «Try to block explicit sites» ነው። ጎግል «እሞክራለሁ» ካለ ቃሉን እመኑት፣ ከሙከራ በላይ አይደለም። ለመጀመሪያ ስልክ ሦስተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ልጅቷ የምትፈልጋቸው ድረ ገጾች ብዙ አይደሉም፣ ሲያስፈልጋት ትጠይቃለች፣ አባትየው ከሥራ ቦታው ይፈቅዳል። ዩቲዩብን የምትዘጉ ከሆነ መተግበሪያውን ብቻ ሳይሆን ድረ ገጹንም ዝጉ። መተግበሪያው ተዘግቶ በክሮም m.youtube.com ላይ ቁጭ ብሎ የሚያይ ልጅ ሞልቷል። ዩቲዩብ ኪድስ ደግሞ በሁሉም አገር አይገኝም፣ የእናንተ ፕሌይ ስቶር ላይ ካለ ከዋናው ዩቲዩብ በጣም ይሻላል።

አሁን ወደ ትልቁ ቀዳዳ። እኛ አገር መተግበሪያ ሁሉ ከፕሌይ ስቶር አይመጣም። ዳታ ውድ ነው፣ ስለዚህ ልጆች በዜንደር ይላላካሉ፣ ወይም ፋይሉን ከቴሌግራም ቻናል ያወርዳሉ። ስሙ .apk ብሎ የሚያልቅ ፋይል ማለት ነው። በዚህ መንገድ የመጣ መተግበሪያ በፕሌይ ስቶር በር አላለፈም። ፈቃድም አልጠየቀም፣ ዕድሜም አልተለካበትም። ፋሚሊ ሊንክ ውስጥ የልጁን ስልክ ማስተካከያ ስትከፍቱ «Apps from unknown sources» የሚል አለ። ጠፍቶ መቀመጡን በዓይናችሁ እዩ። ይሄ ክፍት ከሆነ ከላይ ያወራነው ሁሉ ከንቱ ነው።

ፈቃድ ስትሰጡ በራሳችሁ ስልክ ስጡ። በልጁ ስልክ ላይ የእናንተን የይለፍ ቃል ጽፋችሁ መፍቀድም ይቻላል፣ ግን ልጅ ጣት ያያል። የይለፍ ቃላችሁ የስልክ ቁጥራችሁ ከሆነማ ማየትም አያስፈልገውም።

ብሩ የሚወጣበት መንገድ

የፈረንጆቹ አገር ወላጆች ትልቁ ራስ ምታት ከስልክ ጋር የታሰረ የባንክ ካርድ ነው። የሚታወቅ ታሪክ አለው። በ2014 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አፕልን ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ጎግልን ደግሞ ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዶላር ለወላጆች እንዲመልሱ አድርጓል። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ወላጅ አንዴ የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ በአፕል ለ15 ደቂቃ፣ በጎግል ለ30 ደቂቃ በሩ ክፍት ይቆይ ነበር። ልጆቹ በዚያች ጊዜ ውስጥ ጨዋታው ላይ የፈለጉትን ይነካሉ፣ ካርዱ ይቆረጣል። ውጭ አገር ላላችሁ ወይም ካርድ ለታሰረበት ስልክ ትምህርቱ ዛሬም ይሠራል። ፕሌይ ስቶር ማስተካከያ ውስጥ ለግዢ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን «ሁልጊዜ» ላይ አድርጉት፣ በየ30 ደቂቃው የሚለውን አትምረጡ። አይፎን ላይ «Ask to Buy» የሚለው በቤተሰብ አካውንት ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከመነሻው በርቶ ነው የሚመጣው፣ አታጥፉት።

ጎረቤቴ ካርድ የለውም። ልጅቷ ግን ሲም ካርድ አላት። ሲም ካርድ ደግሞ ራሱን የቻለ የገንዘብ ቦርሳ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። አባትየው 100 ብር ካርድ ሞላላት እንበል። ያ 100 ብር በስንት መንገድ ይወጣል? የኢንተርኔት ጥቅሏ ሲያልቅ ዳታው ካልጠፋ ከዋናው ሂሳብ መቁረጥ ይጀምራል። አንድ ቪዲዮ ሳያልቅ ብሩ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ *806* ብላ የጓደኛዋን ቁጥርና መጠኑን አስገብታ ሂሳቡን ልታስተላልፍ ትችላለች፣ «ትንሽ ላኪልኝ» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ሦስተኛውና ተንኮለኛው አጭር ቁጥር ነው። «ዕድለኛ ነዎት፣ ለመሳተፍ ይህን ፊደል ይላኩ» የሚል መልእክት ይመጣል። ልጅ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ ሲሏት ታምናለች። አንዲት ፊደል ስትልክ ተመዘገበች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አገልግሎቱ ራሱ እየቆረጠ ይቀጥላል።

ይሄኛው የሚታወቀው በመደጋገሙ ነው። *804# ደውላችሁ ሂሳቡን ማታ እዩ፣ ጠዋት እዩ። ማንም ሳይነካው ተመሳሳይ መጠን እየቀነሰ ከሄደ፣ የመልእክት ሳጥኑን ክፈቱና ከአጭር ቁጥር የመጡትን ፈልጉ። ወደዚያው ቁጥር STOP ብላችሁ ላኩ። ካልቆመ 994 ደውሉ።

መፍትሔው ዋናውን ሂሳብ ባዶ ማድረግ ነው። ለልጅቷ ብር ሳይሆን ጥቅል ስጧት። ከራሳችሁ ቴሌብር ላይ ወይም በ*999# ለሌላ ቁጥር ጥቅል መግዛት ይቻላል። ድምፅና ዳታ ይደርሳታል፣ አጭር ቁጥሩ የሚቆርጠው ግን አያገኝም፣ የምታስተላልፈውም የላትም። ጥቅሉ ሲያልቅ አለቀ፣ ያኔ ትደውላለች ወይም ቤት መጥታ ትነግራችኋለች። አንድ ነገር ይቀራል፣ እሱም የአየር ሰዓት ብድር ነው። *810# ብሎ ብድር መውሰድ ይቻላል። ብድሩም ከተወሰደ በሚቀጥለው ሲሞላ ይቆረጣል። ይሄንን የሚዘጋ ቁልፍ ስልኩ ውስጥ የለም። ልጅቷ እንዳትወስድ በግልጽ ንገሯት፣ ሲሞላ ከተጠበቀው በታች ከገባ ደግሞ ብድር ተወስዷል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ቴሌብር ላይ ያለኝ አቋም አንድ ነው። በልጅ እጅ ባለ ሲም ላይ ቴሌብር አይመዝገብ፣ የሳፋሪኮም ከሆነም ኤም ፔሳ አይመዝገብ። ሲሙ የወጣው በአባት ስም ስለሆነ አካውንቱም የአባት ነው የሚሆነው፣ ስልኩ ግን ልጅ እጅ ነው። አታላዮች ደውለው «የተላከልሽን ቁጥር ንገሪኝ» ሲሉ የሚያገኙት ልጅን ነው። የኪስ ገንዘብ የምትሰጧት ከሆነ በእጇ ስጧት። ጎረቤቴ አሮጌውን ሲሙን ከነቴሌብሩ ለልጁ ሊሰጥ ነበር፣ እሱን ለራሱ አስቀርቶ ለእሷ አዲስ ሲም አወጣ።

በነገራችን ላይ፣ ልጅ ብዙ ጊዜ ብር የሚያጠፋው በወላጁ ስልክ ነው። «አባዬ፣ ትንሽ ልጫወት» ብላ የወሰደችው ስልክ ላይ ቴሌብር አለ፣ የሚስጥር ቁጥሩም የልደት ዓመት ነው። የእሷን ስልክ ስታስተካክሉ የራሳችሁን የሚስጥር ቁጥርም ቀይሩ።

ማን ይደውል፣ ማን ይጻፍ

በመደበኛው ስልክ እንጀምር፣ እሱ ይቀላል። ማንኛውም አንድሮይድ ላይ «Do Not Disturb» አለ። ለእንቅልፍ ሰዓት የተሠራ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ አብርታችሁ ጥሪና መልእክት ከተመዘገቡ ቁጥሮች ብቻ እንዲያሰማ ማድረግ ትችላላችሁ። ያልተመዘገበ ሰው ቢደውል አይጮህም። ከዚያ የእናትን፣ የአባትን፣ የአያትን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የሰርቪስ ሹፌሩን ቁጥር መዝግቡ። የሹፌሩ እንዳይረሳ፣ የሚደውለው እሱ ነው።

የዚህ መንገድ ድክመቱ ሁለት ነው። ያልተነሳው ጥሪ መዝገቡ ላይ ስለሚታይ ልጅቷ መልሳ መደወል ትችላለች። ማስተካከያውንም ራሷ ልታጠፋው ትችላለች። ስለዚህ ይሄ ጸጥታ እንጂ ቁልፍ አይደለም። ቅብጥብጥ ላልሆነ ልጅ ይበቃል። አይፎን እዚህ ላይ ይበልጣል። «Screen Time» ውስጥ «Communication Limits» የሚለው ልጁ ከተመዘገቡት ጋር ብቻ እንዲደዋወል ያደርጋል፣ በወላጅ የሚስጥር ቁጥር የታሰረም ነው። ግን እሱም የሚይዘው ስልኩን፣ ፌስታይምንና የአፕልን መልእክት ነው። ቴሌግራምንና ዋትስአፕን አይነካም።

እና ቴሌግራም። ጎረቤቴ «የክፍሏ ግሩፕ እዚያ ነው፣ መምህሯ የቤት ሥራ የምትልከው በቴሌግራም ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ የብዙ ትምህርት ቤት ነገር እንዲያ ሆኗል። እኔ ያልኩት ግሩፑ በአባት ወይም በእናት ስልክ ላይ ይሁን ነው። የቤት ሥራው ማታ ነው የሚሠራው፣ ማታ ደግሞ እናንተ ቤት ናችሁ። ለ11 ዓመት ልጅ የራሷ ቴሌግራም አያስፈልጋትም ባይ ነኝ። ዋትስአፕና ቲክቶክም በራሳቸው ደንብ 13 ዓመት ነው የሚሉት።

ተከራክራችሁ ከተሸነፋችሁ ግን፣ ወይም ልጁ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ቴሌግራሙን እናንተ ክፈቱላት፣ ገደቡንም እዚያው አብጁለት። «Privacy and Security» ውስጥ ግቡ። «Phone Number» የሚለውን ንኩና ቁጥሯን ማንም እንዳያይ «Nobody» አድርጉ። ይሄን ስታደርጉ ከሥሩ አዲስ ጥያቄ ይመጣል፣ በቁጥሯ ማን ያግኛት የሚል። ብዙ ሰው ይሄንን ሳያየው ያልፋል። «My Contacts» በሉት። ጥሪ፣ ፎቶና ወደ ግሩፕ መጋበዝ የሚሉትንም እንዲሁ «My Contacts» አድርጓቸው። የመጨረሻው ካልተዘጋ ማንም የማታውቀው ሰው አምጥቶ የፈለገው ግሩፕ ውስጥ ሊጨምራት ይችላል። በ@ የሚጀምር ስም አታውጡላት። ያ ስም ካለ ቁጥሯን መደበቁ ትርጉም የለውም፣ ማንም ስሙን ፈልጎ ይጽፍላታል።

አሁን የማይዘጋውን ልንገራችሁ። በነጻው ቴሌግራም ላይ «ከማውቃቸው ሰዎች በቀር ማንም አይጻፍልኝ» የሚል ቁልፍ የለም፣ እሱ በክፍያ የሚገኝ ነው። ስለዚህ አንድ ግሩፕ ውስጥ አብሯት ያለ ሰው ሁሉ ስሟን ነክቶ በግል ሊጽፍላት ይችላል። የክፍል ግሩፕ 50 ሰው ካለው 50 ሰው ነው፣ የጨዋታ ወይም የድራማ ግሩፕ 20,000 ሰው ካለው 20,000 ሰው ነው። ገደቡ ያለው ማስተካከያው ውስጥ ሳይሆን ግሩፖቹ ውስጥ ነው። ልጅቷ የምታውቃቸው ሰዎች ካሉበት በቀር ሌላ ግሩፕ ውስጥ አትግባ። ቻናል ይሻላል፣ አባላቱ እርስ በርስ አይተያዩምና። አስተያየት መስጫ ከተከፈተለት ግን እሱም እንደ ግሩፕ ነው።

ብዙ ወላጅ የሚጠይቀኝ «ቻቷን እኔ ስልክ ላይ ማየት እችላለሁ?» ነው። ይቻላል። «Devices» ከሚለው በኩል አካውንቷን በእናንተ ኮምፒውተር ላይ መክፈት ትችላላችሁ። ግን «Secret Chat» የሚባለው የተጀመረበት ስልክ ላይ ብቻ ነው የሚታየው፣ ወደ እናንተ አይመጣም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም የለም ማለት ስልኩ ላይ ምንም የለም ማለት አይደለም። እንደምታዩም አስቀድማችሁ ንገሯት። ተደብቆ የሚያይ ወላጅ የተያዘ ቀን፣ ልጁ ሁለተኛ አካውንት ይከፍታል።

ከመስጠታችሁ በፊት ሞክሩት

ቁልፍ ሁሉ እንደተቆለፈ የሚታወቀው ሲገፋ ነው። ስልኩን እንደ ልጅ ያዙትና ግፉት። ፕሌይ ስቶር ላይ አንድ ነጻ ጨዋታ ለማውረድ ሞክሩ። ማውረድ ሳይጀምር ፈቃድ ጠይቁ ማለት አለበት፣ ጥያቄውም የእናንተ ስልክ ላይ ሊጮህ ይገባል። በራሳችሁ ቴሌግራም ላይ ያለ .apk ፋይል በዜንደር ላኩበትና ለመጫን ሞክሩ። ክሮም ላይ ያልፈቀዳችሁትን ድረ ገጽ ጻፉ። ያልተመዘገበ ቁጥር ካለው ጓደኛ ስልክ ደውሉ።

የጎረቤቴ ልጅ ስልክ አንዱን ወደቀ። በዜንደር የላክነው ፋይል ያለ ምንም ጥያቄ ተጫነ። ምክንያቱ ስልኩን ስናስነሳ አባትየው «አንድ ነገር ላውርድ» ብሎ የራሱን አካውንት ከልጅቷ በፊት አስገብቶ ኖሯል። የስልኩ ዋና አካውንት የሱ ሆነ፣ የልጅቷ ተጨማሪ ሆነ። መልሰን ደምስሰን የሷን አካውንት መጀመሪያና ብቻውን አስገባነው። ከዚያ በኋላ ፋይሉን አልቀበልም አለ።

ከተሰጣት በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት በየምሽቱ *804# እየደወላችሁ ሂሳቡን እዩ፣ ፋሚሊ ሊንክ ላይም የተጫኑትን መተግበሪያዎች ዝርዝር ተመልከቱ። የማታውቁት ስም ካያችሁ መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ጠይቋት። በጓደኛዋ ዜንደር የመጣ ከሆነ የተከፈተው በር የትኛው እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ።